የቢሮ ጣራ ሲያፈስ፦ አከራይን ማሳደስና ኪራይ ማስቀነስ

ለትንንሽ ድርጅቶች የቢሮ ኪራይ ጉዳይ እከታተላለሁ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። ሜክሲኮ፣ ለገሀር፣ ስታዲየም፣ ፒያሳ፤ ጥያቄው አንድ ነው። «ጣራው አፈሰሰ፣ አከራዩ አላሳድስም አለ፣ ኪራዩን ግን ሙሉ ይፈልጋል።» ባልዲ ማስቀመጥና ኮምፒውተር ማሸሽ ለማንም አይጠፋም። እኔ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስላለው ነው።

ምልክት፦ ያፈሳል፣ ከየት እንደሆነ ግን አይታወቅም

ለአከራይ ከመጻፋችሁ በፊት መቼ እንደሚያፈስ ሁለት ሦስት ቀን ተከታተሉ። ፀሐይ ሆኖም የሚንጠባጠብ ከሆነ ጣራው ላይ ያለው የውሃ ታንከር ሞልቶ እየፈሰሰ ነው ወይም ቧንቧ ተበስቷል። ከግድግዳው ጥግ ወርዶ ቀለሙን የሚያሳብጥ ከሆነ አሸንዳውን ጠርጥሩ። በተለይ በረዶ የጣለ ዕለት ብቻ የሚብስ ከሆነ በረዶውና ቅጠሉ አሸንዳውን ደፍነውት ውሃው ወደ ውስጥ ተመልሷል ማለት ነው። ዝናቡ አባርቶ ከሰዓታት በኋላ መሀል ኮርኒስ ላይ መንጠባጠብ ከጀመረ ግን ሶሌታው ላይ ውሃ አቁሯል፣ ስንጥቅም አለ። ይሄ ዋናው ነው፣ ወጪውም ከሁሉም ይበልጣል።

የራሳችሁን ሠራተኛ ጣራ ላይ አታውጡ። ለማየት ብቻ ቢሆንም አታውጡ። አንድ ደንበኛዬ ዲሽ ሊያስተካክል ሰው ልኮ ነበር። በሳምንቱ ሲያፈስ አከራዩ «የእናንተ ሰው ነው የበሳው» አሉ፣ ከዚያ ንግግር መውጣት ሁለት ወር ፈጀ። መውጣት የግድ ከሆነ የአከራዩ ሰው አብሮ ይውጣ።

ምልክት፦ ተሠርቷል፣ አሁንም ያፈሳል

ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ቀጥራን ነው። አከራዩ ከሰፈር አንድ ሰው ይጠራሉ። ሰውየው እርጥብ ሶሌታ ላይ ቀጥራን ቀብቶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከሥሩ የታመቀው እርጥበት ፀሐይ ሲያገኘው ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ በሚቀጥለው ዝናብ እዚያው ቦታ ያፈሳል። በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ የተቀባ ጣራ አይቻለሁ። በዚያ ገንዘብ በደንብ ይሠራ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሥራ ሳይ እናደዳለሁ፣ ምክንያቱም ተከራዩ ወረቀቱ ላይ «ታድሷል» ተብሎ ይመዘገብበታል።

መፍትሄው ሥራውን የምትረከቡበትን መንገድ አስቀድሞ መጻፍ ነው። ሶሌታው ተጠርጎ፣ ደርቆ፣ ስንጥቁ ተሞልቶ ነው ውሃ መከላከያው የሚደረገው። ከዚያ መውረጃው ተደፍኖ ሶሌታው ላይ ውሃ ለ24 ሰዓት ይቆማል፣ ከታች ኮርኒሱ ይታያል። ሐምሌ ውስጥ ማድረቅ ካልተቻለ ለጊዜው በሸራ ይሸፈን፤ ዋናው ሥራ መስከረም ላይ እንደሚሠራ ግን በጽሑፍ ይቀመጥ። ከባድ ዝናብ ሳይወርድበት «ተስተካክሏል» ብላችሁ አትፈርሙ።

ምልክት፦ አከራዩ «ማን ነገረኝ?» ይላሉ

አሥር ቢሮ ሄጄ ስምንቱ ጋ የማገኘው ይሄንን ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

ተከራዩ ይነግራል። ግን የሚነግረው ለጥበቃው ነው። ወይም ኪራይ ለሚሰበስበው ልጅ። ወይም ደረጃ ላይ ሲገናኙ ለራሳቸው ለባለቤቱ፣ ሰላምታው መሀል። «ጋሼ፣ ጣራው እኮ ትንሽ ያፈሳል።» «እሺ ልጄ፣ እናያለን።» ወር ያልፋል። ኪራይ መክፈያ ሲደርስ ተከራዩ ይቀነስልኝ ይላል፣ ጋሼም ከልባቸው ይገረማሉ። «ትንሽ ነው ያልከኝ!» እውነታቸውን ነው። የተነገራቸው እንደዚያ ነው።

ጨዋነታችን እዚህ ላይ ይጎዳናል። ችግርን አሳንሶ መናገር ለእኛ አክብሮት ነው። ለአከራይ ግን «ይቆይ» የሚል መልእክት ይሆናል። በቃል እንደፈለጋችሁ አክብሩ፣ ወረቀቱ ግን ልኩን ይናገር።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ባለፈው ክረምት ያስጻፍኩት ይህን ይመስላል፦

«በ… ቀን በተዋዋልነው የኪራይ ውል መሠረት የተከራየነው ቢሮ ከሐምሌ 4 ቀን ጀምሮ በጣራው በኩል እያፈሰሰ ይገኛል። ውሃው የሚገባባቸው ሁለት ክፍሎች በድምሩ 45 ካሬ ሲሆኑ ሠራተኞቻችን ሊጠቀሙባቸው አልቻሉም። ፎቶ ግራፍ አያይዘናል። ጣራው በአስቸኳይ እንዲጠገንልን፣ ክፍሎቹ አገልግሎት ላልሰጡባቸው ቀናትም ኪራዩ እንዲስተካከልልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ቀን፣ ካሬ፣ ሁለት ጥያቄ። ስለ ድርጅታችሁ ኪሳራ፣ ስለ ደንበኞቻችሁ ቅሬታ አታትቱ። ሁለቱን ጥያቄዎች አብራችሁ አስገቡ። መጀመሪያ እድሳቱን ብቻ ጠይቀው ኪራዩን በኋላ የሚያነሱ ሰዎች «አድሼልህ ደግሞ?» የሚል መልስ ነው የሚያገኙት።

በሁለት ኮፒ አትሙ። አንዱ ላይ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ብሎ ከነቀኑ ይፈርም። አልፈርምም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኩ፣ ደረሰኙን ያዙ። ፎቶውን በቴሌግራምም ላኩ፣ ቀኑ እዚያው ይቀመጣል። ይህን ሳታደርጉ ስለ ቅናሽ አታውሩ። ደግሜ እላለሁ፦ ያልተፈረመበት ደብዳቤ አልተጻፈም።

ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆኑ ተወካያቸው ውክልናውን ያሳዩ። ኪራይ መሰብሰብ ብቻ የሚፈቅድ ውክልና ይዞ ቅናሽ የፈቀደ ዘመድ አጋጥሞኛል። ባለቤቱ በኋላ «እኔ አላውቅም» አሉ፣ ቅናሹም ቀረ። ውልን የማሻሻል ሥልጣን መኖሩን አንብቡ።

ምልክት፦ «እድሳቱን እሺ፣ ኪራዩን ግን አልቀንስም»

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የአከራዩ ክፋት ሳይሆን ጥያቄው ሂሳብ የሌለው መሆኑ ነው። «ግማሹን ይቀንሱልን» ማለት ልመና ነው። ከካሬና ከቀን የመጣ ቁጥር ግን መልስ ይፈልጋል።

ያው ደብዳቤ የወጣበት ቢሮ ሜክሲኮ አካባቢ መጨረሻ ፎቅ ላይ ነው፣ 120 ካሬ። ካሬው 600 ብር፣ በወር 72,000 ብር፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ለብቻው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ካሬ በቀን 20 ብር። ሁለቱ ክፍሎች 45 ካሬ ናቸው፣ በቀን 900 ብር። መቁጠር የጀመርነው ማፍሰስ ከጀመረበት ከሐምሌ 4 ሳይሆን ደብዳቤው ከተፈረመበት ከሐምሌ 5 ነው። አንድ ቀን መተው ክርክር ያሳጥራል። ጥገናው ያለቀው ነሐሴ 8 ነው። በሐምሌ ውስጥ 26 ቀን፣ በነሐሴ ውስጥ 8 ቀን፣ በድምሩ 34 ቀን። 34 ጊዜ 900፣ 30,600 ብር።

ሠራተኞቹ ኮርኒሱን ሲያወርዱ ደግሞ መብራት ተቆርጦ ቢሮው በሙሉ ለ3 ቀን ተዘግቷል። በእነዚያ ቀናት ደረቁ 75 ካሬም አልሠራም፦ በቀን 1,500፣ በሦስት ቀን 4,500 ብር። ጠቅላላው 35,100 ሆነ።

አከራዩ ወረቀቱን አንብበው ዝም አሉ። ከዚያ «ትንሿ ክፍል እኮ ሐምሌ 20 ላይ በሸራው ደርቃለች፣ ዕቃ አስቀምጣችሁባታል» አሉ። እውነት ነበር። 15 ካሬ ናት፣ በቀን 300። ከሐምሌ 21 እስከ ነሐሴ 8 ያለው 18 ቀን 5,400 ብር ነው። አነሳነው፣ 29,700 ላይ ተስማማን። ቁጥሩ በዝርዝር ስለነበረ ክርክሩ አንዲት ክፍል ላይ ብቻ ሆነ። ድፍን «ግማሽ» ብለን ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር ይከራከሩበት ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ደረሰኝ ነው። ኪራይ የሚከፈለው ቅድሚያ በሦስት ወር ወይም በስድስት ወር ስለሆነ አከራዩ «ተከፍሏል፣ ደረሰኝ ተቆርጧል፣ ምን ልመልስ?» ይላሉ። ገንዘብ መልሱ አትበሉ፣ ከሚቀጥለው ክፍያ ይቀነስ። የእኛው ሦስት ወር 216,000 ብር ነበር። 29,700 ሲነሳ 186,300 ቀረ፣ 15 በመቶ ታክሱ 27,945፣ የተከፈለው 214,245 ብር። ቅናሹ ከታክስ በፊት ካለው ዋጋ ላይ ይነሳ፣ ደረሰኙም በተቀነሰው ዋጋ ይቆረጥ። ሙሉ ደረሰኝ ቆርጠው ልዩነቱን በእጅ ልስጣችሁ ቢሉ እንቢ በሉ። ያ ለሁለታችሁም የግብር ጣጣ ነው።

ስምምነቱን ከውሉ ጋር የሚያያዝ አንድ ገጽ አድርጋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ቅናሹ ለእነዚህ ቀናት ብቻ እንደሆነ ይጻፍ። አከራዮች በጣም የሚፈሩት ቅናሹ የዘወትር ኪራይ እንዳይሆን ነው፣ ይህችን አንድ መስመር ሲያዩ ይረጋጋሉ።

ጥንቃቄ፦ ሳትስማሙ በራሳችሁ ቀንሳችሁ አትክፈሉ። ጥፋቱ የእሳቸው ሆኖ ሳለ ውል ያፈረሳችሁ እናንተ ትሆናላችሁ። አላሳድስም ካሉም በራሳችሁ ሠርታችሁ ልቀንስ አትበሉ፣ መጀመሪያ ፕሮፎርማ አያይዛችሁ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ውሰዱ።

ሕግ የምትጠቅሱ ከሆነ ትክክለኛውን ጥቀሱ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ይዘው የሚመጡ አሉ፤ እሱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ነው፣ ቢሮን አይመለከትም። የቢሮው ጉዳይ በውላችሁና በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይታያል። እዚያ ዋና ዋና ጥገና የአከራይ ነው፣ ጥቃቅኑ የተከራይ። ውላችሁ «ማንኛውም እድሳት በተከራይ» የሚል ከሆነ ግን ድርድሩ ይከብዳል። ያንን ሐረግ ውል ስታድሱ «ከጣራና ከሕንፃው አካል በስተቀር» አስብሉት።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ቤቱ የመንግሥት ከሆነ ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይያዝለት፣ ኃላፊ ቢሮ መግባት ብቻውን አይበቃም።

ከላይ ሌላ ተከራይ ካለና ውሃው ከሱ መታጠቢያ ቤት ከሆነ፣ ለእሱም ኮፒ አድርጉ፣ ጠያቂነታችሁ ግን በአከራዩ ላይ ነው።

ጳጉሜን ላይ ቢያፈስ፣ ኪራይ የማይታሰብባቸውን ቀናት ቅናሽ ውስጥ አትቁጠሩ። አንድ ጊዜ ተቆጥሮ አይቻለሁ፣ አከራዩ በዚያች አምስት ቀን ሰበብ ሙሉውን ወረቀት መለሱት።