ፕሩፍ አልገባ ሲላችሁ በ7 ጀምሩ

ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ የመጀመሪያውን የቁጥር ቲዎሪ ኮርስ ስትወስዱ የሆነ ቀን እንዲህ የሚል ነገር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል።

p ፕራይም ቁጥር ይሁን፤ a ደግሞ በ p የማይካፈል ሙሉ ቁጥር። ታዲያ a^(p-1) በ p ሲካፈል ሁልጊዜ 1 ይተርፋል። ማረጋገጫ፦ a, 2a, 3a, ..., (p-1)a በ p ሲካፈሉ የሚተርፉት 1, 2, ..., p-1 ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ይለያያል። ሁሉንም ስናባዛ a^(p-1) · (p-1)! እና (p-1)! እኩል ቀሪ አላቸው። (p-1)! በሁለቱም በኩል ይሰረዛል። አለቀ።

አራት መስመር ነው። ፌርማ ቲዎረሙን እ.ኤ.አ. በ1640 በደብዳቤ ሲጽፈው ፕሩፉን አላያያዘም። እኔ ይህን መጀመሪያ ሳየው እያንዳንዱ መስመር እውነት መሆኑን አምኜ፣ አንዱም ሳይገባኝ ወደ ቤት ሄድኩ። ይህን ስሜት የምታውቁት ከሆነ እስክሪብቶ ያዙና አብረን እንስራው።

1. ቲዎረሙን በአንድ ቁጥር ፈትሹ፣ ግን እዚያ አትቁሙ

p = 7፣ a = 3 እንበል። 3^6 = 729 ነው። 7 ጊዜ 104 ደግሞ 728። 1 ተረፈ። ጥሩ፣ ልክ ነው።

አብዛኛው ተማሪ «ምሳሌ ሰርቻለሁ» የሚለው ይህን ነው። ይህ ግን የሚነግራችሁ ቲዎረሙ እዚህ ቦታ ላይ እንዳልዋሸ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ምንም አይልም። ምሳሌው የሚጠቅመው ቲዎረሙን ሳይሆን ፕሩፉን በቁጥር ስትሰሩት ነው፤ ማለትም እያንዳንዱን የፕሩፉን መስመር ወስዳችሁ p ባለበት 7፣ a ባለበት 3 እያስገባችሁ።

2. ፕሩፉን ራሱን በ7 ስሩት

የመጀመሪያው መስመር a, 2a, 3a ይላል። ጻፉት፦

```
3·1  3·2  3·3  3·4  3·5  3·6
 3    6    9    12   15   18
 3    6    2    5    1    4
```

ሦስተኛው ረድፍ በ7 ሲካፈሉ የሚተርፈው ነው። አያችሁት? ከ1 እስከ 6 ያሉት ቁጥሮች በሙሉ አሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቦታቸው ግን ተቀያይሯል። «ቅደም ተከተላቸው ብቻ ይለያያል» ያለው ይህንን ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ቆይታችሁ እዩት፣ የፕሩፉ ልብ ይህ ረድፍ ነውና።

አሁን ረድፎቹን አባዙ። ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ካልኩሌተር አታውጡ። 3 ጊዜ 6 ጊዜ 9 እያላችሁ ከሄዳችሁ 524880 የሚባል ቁጥር ላይ ትደርሳላችሁ፣ እሱን ብታዩት ምንም አይነግራችሁም። ሳታባዙ የላይኛውን ረድፍ እንዳለ ተውት። ስድስት 3ዎች አሉ፣ ከዚያ 1·2·3·4·5·6 አለ። ስለዚህ የላይኛው ረድፍ ብዜት 3^6 · 6! ነው። የታችኛው ረድፍ ብዜት 6! ብቻ ነው፣ ቦታ መቀያየር ብዜትን ስለማይለውጥ። ሁለቱ በ7 ሲካፈሉ እኩል ይተርፋቸዋል።

እኩል ቀሪ አላቸው ማለት ልዩነታቸው በ7 ይካፈላል ማለት ነው፦

```
6! · (3^6 - 1)   በ7 ይካፈላል
```

6! = 720 ነው፣ በ7 አይካፈልም፣ 6 ይተርፋል። 7 ደግሞ ፕራይም ስለሆነ የሁለት ቁጥሮችን ብዜት ካካፈለ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱን ማካፈል አለበት። 720ን ካላካፈለ 3^6 - 1ን ያካፍላል። ጨረስን። 729ን ማስላት ጭራሽ አላስፈለገም።

3. ሌላ ቁጥር ሞክሩ፣ ግን መርጣችሁ

a = 1 ብላችሁ አትሞክሩ። ረድፉ ምንም ሳይቀያየር ይወጣና የሚታይ ነገር አይኖርም። p = 2 ላይ ደግሞ ረድፉ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ምሳሌው ትንሽ ይሁን እንጂ ፕሩፉ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ሌላም ወጥመድ አለ። በ7 እና በ3 በሰራነው ውስጥ 6 ሁለት ቦታ ይመጣል፤ አንዴ 7-1 ሆኖ፣ አንዴ 3·2 ሆኖ። ወደ ፊደል ስትቀይሩ የትኛው 6 p-1 እንደሚሆን፣ የትኛው 2a እንደሚሆን በቀላሉ ይምታታል። እኔ እንዲህ ሲሆን ምሳሌውን በሌላ ቁጥር እደግመዋለሁ። p = 11፣ a = 4 ብትወስዱ ቀሪዎቹ እነዚህ ናቸው፦

```
4  8  1  5  9  2  6  10  3  7
```

አሁን p-1 አስር ነው፣ 2a ስምንት ነው፣ አይምታታም። ሁለቱን ምሳሌዎች ጎን ለጎን አስቀምጡና የተቀየረውን ቁጥር ሁሉ አክብቡ። የተከበበው ነገር ፊደል ይሆናል። ያልተቀየረው፣ ለምሳሌ መጨረሻ ላይ የምትቀረው 1፣ እንዳለች ትቆያለች።

4. አሁን ሆን ብላችሁ አበላሹት

ለእኔ ፕሩፉ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ቲዎረሙ «p ፕራይም ይሁን» ይላል። ፕራይም ባይሆንስ? n = 6፣ a = 2 ውሰዱ፦

```
2·1  2·2  2·3  2·4  2·5
 2    4    0    2    4
```

ተበላሸ። 0 መጣ፣ 2 እና 4 ሁለት ሁለት ጊዜ መጡ፣ 1 እና 3 እና 5 የሉም። ለምን? 2·1 እና 2·4 ለምን አንድ ቀሪ ኖራቸው? ልዩነታቸው 2·3 ስለሆነ፣ እሱም 6 ነው። 2 ከ6 ግማሽ መንገዱን ይዛለች፣ 3 ቀሪውን ሞላችው።

እንግዲህ በ7 ላይ ይህ ለምን እንዳልሆነ አሁን ራሳችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። 3i እና 3j አንድ ቀሪ ቢኖራቸው 7 የ 3·(i-j) አካፋይ ይሆናል። 7 ፕራይም ነው፣ 3ን አያካፍልም፣ ስለዚህ i-jን ያካፍላል። ግን i እና j ሁለቱም ከ1 እስከ 6 ስለሆኑ ልዩነታቸው 7 አይደርስም፣ 0 ካልሆነ በቀር አይካፈልም። ስለዚህ i = j። ድግግሞሽ የለም። 0ም ሊመጣ አይችልም፣ ምክንያቱ ያው ነው። ስድስት ቁጥሮች፣ ስድስት ቦታዎች፣ ድግግሞሽ የለም፣ ስለዚህ ሁሉም ይሞላሉ። 3ን a አድርጉት፣ 7ን p፣ አንድ ቃል ሳይቀየር አጠቃላዩ ፕሩፍ ይሆናል።

አንድ ጊዜ ማበላሸት ግን አይበቃም። እኔ ረዘም ላለ ጊዜ ፕራይም የሚያስፈልገው ረድፉ እንዳይደጋገም ብቻ ይመስለኝ ነበር። n = 8፣ a = 3 አድርጉና እዩ፦

```
3  6  1  4  7  2  5
```

ረድፉ አልተበላሸም! ከ1 እስከ 7 ሁሉም አሉ። ታዲያ 3^7 በ8 ሲካፈል 1 መትረፍ ነበረበት። 3^7 = 2187 ነው፣ 8 ጊዜ 273 ደግሞ 2184። የተረፈው 3 ነው። ቲዎረሙ ወደቀ።

ረድፉ ደህና ከሆነ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በፕሩፉ ላይ መስመር በመስመር ውረዱ። ብዜቱ፦ 3^7 · 7! እና 7! እኩል ቀሪ አላቸው፣ ልክ ነው። ከዚያ 7!ን መሰረዝ። ቆይ፣ 7! = 5040 = 8·630። በ8 ይካፈላል! ያ ሁሉ እኩልነት «0 ከ0 ጋር እኩል ነው» እያለ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ 0ን ሰረዝን። ስለዚህ ፕራይምነት ሁለት ቦታ ነው የሚሰራው፤ አንዴ ረድፉ ላይ፣ አንዴ መሰረዙ ላይ። ይህን የትኛውም አስተማሪ ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው አላየሁም። በ8 ሞክሮ መውደቅ ነው የሚያሳየው።

5. የተበላሸውን ጠግኑ

7!ን በ8 እንዲካፈል ያደረጉት እነማን ናቸው? 2፣ 4 እና 6፤ ከ8 ጋር የጋራ አካፋይ ያላቸው። አውጧቸው። የሚቀሩት 1, 3, 5, 7 ናቸው። በ3 አባዟቸው፦ 3, 9, 15, 21። በ8 ሲካፈሉ 3, 1, 7, 5 ይተርፋል። ራሳቸው አራቱ ተቀያይረው መጡ። ብዜታቸው 105 ነው፣ ጎዶሎ ስለሆነ ከ8 ጋር የሚጋራው አካፋይ የለም፣ ስለዚህ መሰረዝ ይቻላል። 3 ስንት ጊዜ ተባዛ? አራት። 3^4 = 81 = 80 + 1። ሰራ።

አሁን ያገኛችሁት የኦይለር ቲዎረም የሚባለው ነው። p-1 የነበረው ቦታ ላይ «ከ n ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት ናቸው» የሚል ቁጥር ገባ። ፕሩፉ ያው ነው፣ ረድፉ ብቻ አጠረ።

6. ምሳሌ የማይነግራችሁ ነገር

ጥቂት ምሳሌ ከሰራችሁ በኋላ አንድ ሐሳብ ይመጣባችኋል፦ እንግዲያው ተገላቢጦሹም ይሰራል? 2^(n-1) በ n ሲካፈል 1 ከተረፈ n ፕራይም ነው? ሞክሩት። 3፣ 5፣ 7 ላይ 1 ይተርፋል። 9 ላይ 4 ይተርፋል፣ 15 ላይም 4። ቀጥሉ፣ ከ3 እስከ 340 ባሉት ቁጥሮች በሙሉ ይሰራል። ከ330 በላይ ምሳሌ ነው፣ አንድም አይወድቅም።

ከዚያ 341 ይመጣል። 2^10 = 1024 ነው፣ 3 ጊዜ 341 ደግሞ 1023። ስለዚህ 2^10 በ341 ሲካፈል 1 ይተርፋል። 2^340 ማለት ደግሞ 2^10 ራሱን 34 ጊዜ ማባዛት ስለሆነ እሱም 1 ይተርፈዋል። 341 ግን 11·31 ነው።

ወደ ፕሩፉ ተመለሱና ፈልጉ፤ «1 ከተረፈ» ብሎ የሚጀምር መስመር የለውም። ሁሉም መስመር የሚነሳው p ፕራይም ነው ከሚለው ነው፣ ወደ ኋላ የሚመልስ መንገድ የለውም። ለማየት ከፈለጋችሁ በ2 ፋንታ 3 አድርጉ፦ 3^340 በ341 ሲካፈል የሚተርፈው 56 ነው። ካልኩሌተር አያስፈልግም። በ11 እና በ31 ለየብቻ አስሉት፣ ለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ደግሞ አሁን የሰራነው ቲዎረም ራሱ ነው።