መቅረቴን አሳውቄ ነበር፣ መልስ የለም፣ ማስረከቢያው ነገ ነው

ምልክቱ

ታማችሁ ከክፍል ቀራችሁ። ለመምህሩ በኢሜይል አሳወቃችሁ። አንድ ቀን አለፈ፣ ሌላም ተጨመረ፣ መልስ የለም። የአሳይመንቱ ማስረከቢያ ደግሞ ነገ ነው። ደግማችሁ ብትጽፉ ጭቅጨቃ እንዳይመስል ፈራችሁ። ዝም ብትሉ ቀኑ ያልፋል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ "ተቀይመውኛል ማለት ነው" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉዳዩ ከቅያሜ ጋር አይገናኝም። መጀመሪያ የላካችሁትን መልእክት ከፍታችሁ እንደገና አንብቡት።

አንዲት ተማሪ ምሳሌ ትሁነን። ማክሰኞ የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ ነበራት፣ ትኩሳት ይዟት ቀረች። ሪፖርቱ የሚገባው ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ማክሰኞ ጠዋት እንዲህ ጻፈች፦

"ጤና ይስጥልኝ መምህር። ዛሬ ስላመመኝ ክፍል መምጣት አልቻልኩም። በጣም ይቅርታ እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።"

አሁን ሐሙስ ጠዋት ነው። ምንም አልመጣላትም።

ምክንያት አንድ፦ መልእክቱ አልደረሰም

ይህን ማጣራት ብዙ ጊዜ አይወስድም። Sent የሚለውን ክፈቱ። መልእክቱ እዚያ ከሌለና Drafts ውስጥ ከተቀመጠ ጭራሽ አልሄደም ማለት ነው። ካለ አድራሻውን ፊደል በፊደል አንብቡት። ከ Mail Delivery Subsystem የመጣ ነገር ካለም መልእክቱ ሳይደርስ ተመልሷል። የራሳችሁን Spam ማየትም አትርሱ፣ መልሱ እዚያ ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

የሕክምና ወረቀት በፎቶ ያያያዘ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይይ። በጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አብሮ አይሄድም፣ በምትኩ የድራይቭ ሊንክ ይላካል። ፈቃድ ካልሰጣችሁ መምህሩ ሊንኩን ላይከፍቱት ይችላሉ። ፎቶውን አሳንሶ መላክ ይሻላል።

"ለጊዜው ቢሮ የለሁም" የሚል አውቶማቲክ መልስ ደርሷችሁ ከሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ብዙ ጊዜ የሚመለሱበት ቀንና በእሳቸው ቦታ የሚጠየቀው ሰው እዚያው ተጽፏል።

ምክንያት ሁለት፦ መልእክቱ ምንም አልጠየቀም

እኔ በብዛት የማየው ይህን ነው። የተማሪዋን መልእክት መለስ ብላችሁ እዩት። ጨዋ ነው፣ አጭር ነው፣ ግን ጥያቄ የለውም። መምህሩ አንብበው "እሺ፣ ይማርሽ" ብለው በሆዳቸው አልፈውት ሊሆን ይችላል። የሚወሰን ነገር ያልቀረበለት ሰው መልስ እንደሚጠበቅበትም አያውቅም። ሪፖርቱ የሚባል ነገር መልእክቱ ውስጥ አንድም ቦታ አልተነሳም።

ስለዚህ የሐሙሱ መልእክት የመጀመሪያውን ማስታወስ ብቻ አይበቃውም። ያልተጠየቀውን መጠየቅ አለበት። እንዲህ ትጻፈው፦

"ጤና ይስጥልኝ መምህር፣

ማክሰኞ በሕመም ምክንያት ከላብራቶሪ መቅረቴን ጽፌልዎ ነበር፣ መልእክቱ ከታች ይገኛል። ስለ ሪፖርቱ ግን ሳልጠይቅዎ ቀርቻለሁ። የዕለቱ የሙከራ ውጤት የለኝም። የቡድኔን ውጤት ተጠቅሜ ነገ ዓርብ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ላስረክብ ወይስ ሙከራውን የማካክስበት ቀን ይኖራል?

የሕክምና ወረቀቱን አያይዣለሁ። መግቢያውንና የአሠራር ክፍሉን ጨርሻለሁ፣ ያለቀውን በሰዓቱ አስገባለሁ።

ከአክብሮት ጋር"

ከታች ስም፣ መለያ ቁጥርና ሴክሽን ይከተላል። ብዙ ተማሪ የሚያስተምር ሰው በስም ብቻ አያስታውስም።

ጥያቄው በአንድ ሁለት ቃል የሚመለስ መሆኑን ልብ በሉ። መምህሩ ከስልካቸው ላይ "በቡድንሽ ውጤት" ብለው መላክ ይችላሉ። "ምን ላድርግ?" ብትላቸው ኖሮ ቁጭ ብለው ማሰብ ሊኖርባቸው ነው፣ ያ ደግሞ ለማታ ይተዋል፣ ከማታ ወደ ነገ። ቀንና ሰዓቱም ጥያቄው ውስጥ ስላለ "አስቸኳይ ነው" ብሎ መጮህ አላስፈለጋትም።

"እስካሁን አልመለሱልኝም" የሚል ቃልም የለም። የማስታወሻ መልእክት ወቀሳ የሚሆነው በዚህች ሐረግ ነው። "ምናልባት አላዩት ይሆናል" የምትለዋም ጨዋ ብትመስል ትጎረብጣለች፣ ላዩት ሰው ሽሙጥ ናት። "ጽፌልዎ ነበር፣ ከታች ይገኛል" በቂ ነው። ይቅርታም ስታበዙት ጥያቄው ከሥሩ ይቀበራል።

አላላኩም የራሱ መንገድ አለው። Sent ውስጥ ያለውን የራሳችሁን መልእክት ከፍታችሁ Reply በሉ። በጂሜይል መልሱ ወደ መምህሩ ይሄዳል፣ የማክሰኞውም ከሥሩ ይከተላል። ርዕሱን ከቀየራችሁት ግን እንደ አዲስ መልእክት ለብቻው ይገባል። የድሮው ርዕስ "ሰላም" ብቻ ከሆነ ቀይሩት፣ "የላብራቶሪ ሪፖርት፣ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት" ይሻላል። ደህና ርዕስ ከሆነ አትንኩት።

ምክንያት ሦስት፦ የጠየቃችሁት ሰው ወሳኙ አይደለም

የላብራቶሪ ሪፖርት የሚቀበለውና የሚያርመው አንዳንዴ ረዳት መምህሩ ነው። የኮርሱን መግለጫ ገልጣችሁ እዩ። እንዲያ ከሆነ ጥያቄውን ለእሱ ላኩና መምህሩን Cc ውስጥ አስገቡ። የትምህርት ክፍል ኃላፊውን ግን በዚህ ደረጃ አትጨምሩ። ክስ ይመስላል፣ ገና የሚከሰስ ነገር ደግሞ የለም።

ዓርብ ጠዋትም ዝም ካለ

ለማስታወስ ብላችሁ ሦስተኛ ኢሜይል አትጻፉ። መምህሩ ለተማሪ በሚመድቡት ሰዓት ቢሮ ሂዱ፣ ወይም ወደ ትምህርት ክፍሉ ደውላችሁ "መምህሩ ዛሬ ይገባሉ?" ብቻ ብላችሁ ጠይቁ። በቴሌግራም መጻፍ የሚቻለው ለተማሪዎች ብለው የከፈቱት ከሆነ ነው። ያኔም አንድ መስመር ይበቃል፦ "መምህር፣ ስለ ዛሬው ሪፖርት ትናንት በኢሜይል ጥያቄ ልኬልዎ ነበር።" ሁለቱን ምልክት አይታችሁ "እንዳዩት አውቃለሁ" ማለት ግን በፍጹም አይሆንም።

ከሰዓት 9 ሲሆን መጠበቁን አቁሙ። የመምህሩ ዝምታ ፈቃድ አይደለም። "መልስ ካልሰጡኝ ሰኞ አስገባለሁ" ብሎ ጽፎ ሰኞ ማስገባት ለራስ ቀን ማራዘም ነው፣ ማንም የመቀበል ግዴታ የለበትም። ተማሪዋ ያለቀውን ታስገባ። የውጤት ክፍሉ ላይ "ማክሰኞ በሕመም ስለቀረሁ ውጤቱ የለኝም፣ ሐሙስ በኢሜይል ጠይቄያለሁ" ብላ ትጻፍ። የቡድኗን ውጤት ሳይፈቀድላት የራሷ አስመስላ መጠቀም ግን ከመዘግየት የባሰ ጣጣ አለው።

ሰዓቱንም አጣሩ። የማስረከቢያው ገጽ 5:00 PM ካለ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። 11:59 PM ካለ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ጊዜ አለ። በሁለቱ መሃል የሚደናገር ሰው ጥቂት አይደለም።

ካስገባችሁ በኋላ የማረጋገጫውን ገጽ ስክሪንሾት አንሱ። ከዚያ በዚያው መልእክት ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ "መምህር፣ ያለቀውን በሰዓቱ አስገብቻለሁ፣ የውጤት ክፍሉን በሚሉኝ መንገድ አሟላለሁ።" መልሱ ሰኞ ቢመጣ እንኳ መምህሩ የሚያዩት በሰዓቱ የገባ፣ አንድ ክፍል የጎደለው ሪፖርት ነው።