የዘር ሐረግ ሠንጠረዥን ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውና በብዛት የሚታየው ስህተት ጥቁር የተቀቡትን ምልክቶች ቆጥሮ መፍረድ ነው። አራት ማዕዘን ወንድን፣ ክብ ሴትን፣ ጥቁር ቀለም ደግሞ ታማሚን ያመለክታል። በሁለት ተከታታይ ትውልዶች ጥቁር ምልክት ያየ አንባቢ ውርሱ ዶሚናንት ማለትም ገዢ ነው ለማለት ይቸኩላል። ይሁን እንጂ ውርሱን የሚለየው የታማሚዎች ብዛት ሳይሆን በወላጆችና በልጅ መካከል ያለው ግንኙነት ነው።

ለምሳሌ የታመመች እናትና ጤነኛ አባት አንድ የታመመ ወንድ ልጅና አንዲት ጤነኛ ሴት ልጅ ወልደዋል እንበል። እዚህ ላይ ብቻ ከቆምን ውርሱ ገዢ ይመስላል። ወደ ላይ ስንወጣ ግን የእናትየው ወላጆች ሁለቱም ባዶ ምልክት ናቸው። ጤነኛ ወላጆች የታመመች ልጅ ከወለዱ ሁለቱም አንዳንድ የተበላሸ የጂን ቅጂ ደብቀው ይዘዋል ማለት ስለሆነ፣ ውርሱ ሪሴሲቭ ወይም ድብቅ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። የእናትየው አባት ጤነኛ ሆኖ ሴት ልጁ መታመሟም ጂኑ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ያለ ድብቅ ጂን አለመሆኑን ያሳያል። በዚህ ስሌት የታመመው ልጅ አባትም ተሸካሚ፣ ማለትም ሳይታመም አንድ የተበላሸ ቅጂ የያዘ፣ መሆን አለበት፤ ባልና ሚስቱ በድርብ መስመር ከተገናኙ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸውና ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

ሁለተኛው ስህተት ባዶ ምልክትን ከጂኑ ነፃ አድርጎ መቁጠር ነው። ተሸካሚው በግማሽ የተቀባ ምልክት ወይም መሃሉ ላይ ነጥብ ያለበት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ አሣሣሉ ከሠንጠረዥ ሠንጠረዥ ስለሚለያይ አስቀድሞ መፍቻውን ማንበብ ያስፈልጋል። በአንዳንድ ሠንጠረዦች ላይ ግን ተሸካሚዎች ጨርሶ አይለዩም። ከላይ ባየነው ቤተሰብ ጤነኛዋ ሴት ልጅ ከታመመች እናቷ የተበላሸ ቅጂ መውሰዷ የማይቀር ስለሆነ፣ ምልክቷ ባዶ ቢሆንም በእርግጠኝነት ተሸካሚ ናት። የእናትየው ጤነኛ ወንድም ተሸካሚ የመሆን ዕድል ደግሞ ብዙዎች እንደሚጽፉት 1/2 ሳይሆን 2/3 ነው፤ ምክንያቱም ከአራቱ የውርስ አማራጮች የታማሚው አስቀድሞ ወድቋል፣ ከቀሩት ሦስቱም ሁለቱ የተሸካሚ ናቸው።

ሦስተኛው ስህተት «ጤነኛ ወላጆች፣ የታመመ ልጅ» የሚለውን ደንብ በአንድ ልጅ ላይ ብቻ ተማምኖ መጠቀም ነው። የእጅና የእግር አጥንት ዕድገትን የሚገታው አኮንድሮፕላዥያ ገዢ ሆኖ ሳለ፣ ከታማሚዎቹ 80 በመቶ ያህሉ የሚወለዱት በሽታው ከሌለባቸው ወላጆች ነው፤ መንስኤውም አዲስ ሚውቴሽን ነው። ከጤነኛ ወላጆች ሁለት ወይም ሦስት የታመሙ ልጆች ሲወለዱ ግን የአዲስ ሚውቴሽን ግምት በእጅጉ ይዳከማል። ገዢነትን ለማረጋገጥ ሁለቱም የታመሙ ወላጆች ጤነኛ ልጅ የወለዱበትን ቦታ መፈለግ ይበጃል፤ በሽታው ድብቅ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ወላጆች የሚያወርሱት ጤነኛ ቅጂ አይኖራቸውም ነበር።