የአያቴ ሁለት የዓይን ጠብታዎች

አያቴ ግላኮማ አለባቸው። ማታ ማታ ሁለት ዓይነት ጠብታ አደርግላቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ አንዱን አድርጌ ወዲያው ሌላውን አስከትል ነበር። መድኃኒቱ ጉንጫቸው ላይ ይፈስሳል፤ እሳቸውም «ጉሮሮዬን መረረኝ» ይላሉ። ለካ ዓይን ከአንድ ጠብታ በላይ አይዝም፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጥበዋል። የሚመራቸውም በእንባ ቧንቧ ወደ ጉሮሮ የወረደው ነው።

አሁን እጄን ታጥቤ ጋደም አደርጋቸዋለሁ። የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጌ፣ የጠርሙሱን ጫፍ ሳላስነካ አንዲት ጠብታ ብቻ እጨምራለሁ። «እማማ፣ ጨፈን ያድርጉ፤ ግን አይጭመቁት።» በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይናቸውን ጥግ ለ2 ደቂቃ ያህል በጣቴ ቀስ አድርጌ እጫናለሁ። ሁለተኛውን ጠብታ ለማድረግ 5 ደቂቃ በስልኬ እሞላለሁ። ያን ጊዜ ወሬ ይዘን ነው የምንቆየው። ምሬቱ ከቀረ ሰነበተ።