ግራፉ ላይ አልጠፋ ያለው 2016

ለባለሀብቶች ያዘጋጀነው ስላይድ ላይ «የ2016 በጀት ዓመት ገቢ፦ 48 ሚሊዮን ብር» ይላል። እንግሊዝኛው ላይ `FY2016: ETB 48M` ሆኖ ወጣ። አንዱ ባለሀብት «የድሮ መረጃ ነው እንዴ የምታሳዩን?» ሲል ደነገጥኩ።

የእኛ 2016 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ነው። በፈረንጆቹ ከጁላይ 8 ቀን 2023 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024 ማለት ነው። ስለዚህ `FY2023/24` ብዬ ጻፍኩና ቀኖቹን ከስር አስገባሁ።

ግራፉ ላይ ግን 2016 አልጠፋም። ለካ ዓመቱ የሚመጣው ከግራፉ ጀርባ ካለው የኤክሴል ሰንጠረዥ ነው። ተርጓሚዋ የተላከላት ጽሑፉ ብቻ ስለነበር አላየችውም። አሁን እያንዳንዱ ቁጥር በአንድ ሰንጠረዥ አንዴ ብቻ ይጻፋል። የዓመቱ ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከጎኑ አለ፤ የሁለቱም ስላይዶች ግራፍ የሚያነበው ከዚያ ነው።