ከፍራሽ ጥግ ፎቶ ዓይነቱንና አምራቹን እንዴት መለየት ይቻላል?

እህቴ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። የእንግዳ ክፍሏ ፍራሽ ጎርብጦ ልክ እንደሱ ያለ ልታዝ ፈለገች። የጥጉን ፎቶ ላከችልኝ። በጥልፍ የተጻፈ ስም ይታያል፤ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልገው ግን የለም። አይገርምም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ተመሳሳይ ፍራሽ ለተለያዩ መደብሮች በተለያየ ስም ይሰፋል። የጥጉ ስም ለገበያ የወጣ ስም ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ነጩን ታግ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ በራስጌ ወይም በግርጌ በኩል ስፌቱ ውስጥ ገብቶ ይንጠለጠላል። ከጁላይ 1 ቀን 2007 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ፍራሽ የእሳት ደህንነት ታግ ሊኖረው ግድ ነው። የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የተሠራበት ወርና ዓመት፣ ሞዴሉና ፕሮቶታይፕ የሚባለው፣ ለእሳት የተፈተነው ናሙና ቁጥር እዚያ ላይ ናቸው። ከውጭ የገባ ከሆነ የአስመጪውም ስም አለ።

ፎቶውን ስታነሱ ታጉን በጣታችሁ ዘርጉት። ፍላሹን አጥፉና መብራት ከጎን አብሩ። እህቴ በፍላሽ ያነሳችው አብረቅርቆ 8 ቁጥሩን እንደ 3 አነበብኩት። ከዚያ ሙሉውን ጥግ፣ ጎኑንም መለኪያ ሜትር አስደግፋችሁ አንሱ።

ሌላው ታግ ውስጡ የተሞላበትን ነገር በመቶኛ ይነግራል። የእህቴ አብዛኛው ፖሊዩረቴን ፎም፣ ቀሪው ፖሊስተር ይላል። «በቃ ስፖንጅ ነው» አለችኝ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የብረት ስፕሪንግ ሙሌት ተብሎ ስለማይቆጠር መቶኛው ውስጥ አይገባም።

ይህን ለመለየት ስፌቱ ይረዳል። የእሷ ፍራሽ ላዩ በአልማዝ ቅርጽ ተደርቦ ተሰፍቷል። ጠርዙን ወፍራም ጥብጣብ ዞሮታል። ከጠርዙ በታች ደግሞ ጣት የሚያስገባ ገባ ያለ ስፌት አለ፤ ላይኛው ክፍል እንደ ትራስ ለብቻው ተቀምጧል። ፒሎ ቶፕ የሚባለው ይኸው ነው። ሙሉ የስፖንጅ ፍራሽ ግን ብዙውን ጊዜ ዚፕ ያለው፣ እንደ ሹራብ የሚለጠጥ ልባስ ነው ያለው። ለተጨማሪ ፍንጭ በመዳፍሽ ጫን በይው አልኳት። ወዲያው ገፍቶ መለሳት። ከስፌቱ ጋር ሲታይ ስፕሪንግ ያለው ይመስላል።

የአልማዙን ቅርጽ ግን አምራቹን ለማወቅ አትጠቀሙበት። ፋብሪካዎች ጨርቁንና ጥለቱን በየጊዜው ይቀይራሉ፤ ብዙዎቹም አንዱን ጥለት ይጋራሉ። ታጉ ተቆርጦ ከሆነ በስፌቱ ዓይነቱን እንጂ አምራቹን አታገኙም።

ታጉ ካለ ለአምራቹ ደውሉ። ሞዴሉን፣ ወርና ዓመቱን ንገሯቸውና «በዚህ ፋንታ አሁን የትኛውን ነው የምትሠሩት?» ብላችሁ ጠይቁ። የእህቴ ሞዴል መሠራቱ ቆሟል፤ የሚቀርበውን ነገሯት። ልትከፍል ስትል በሜትር ለኪው አልኳት። መጠኑ ኩዊን ነው ያለችው ፍራሽ 54 በ75 ኢንች ሆነ። ኩዊን 60 በ80 ነው፤ የእሷ ፉል የሚባለው ያነሰ መጠን ነበር።