ሳቢሳ፣ ጋጋኖ፣ ዝይ ወይስ ዳክዬ? የፎቶውን ወፍ ከምንቃሩና ከእግሩ መለየት

አንድ ወዳጄ ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ያነሳውን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ሥሩ «አምስት ሽመላ» የሚል ጽፎበታል። ፎቶውን ከፍቼ በጣቴ አሰፋሁት። አምስቱም ነጭ ናቸው፤ አምስቱም እግራቸው ረጅም ነው። ሽመላ ግን አንድም የለም። ሁለቱ ጋጋኖ፣ ሦስቱ ሳቢሳ ናቸው።

ረጅም እግር ያለውን ነጭ ወፍ ሁሉ ሽመላ ማለት ለምደናል። እዚህ ግን ሳቢሳ የምለው ምንቃሩ ቀጥ ብሎ የሾለውን፣ አንገቱን የሚያጥፈውን ወፍ ነው። ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነውን ነጭ ሳቢሳ እለዋለሁ። ጋጋኖ ደግሞ ምንቃሩ ወደ ታች የታጠፈው ነው።

ችግር፦ ወፉ ነጭ ነው፣ እግሩ ረጅም ነው፤ ሳቢሳ ይሁን ጋጋኖ አልለይ አለ

መንስኤው ብዙ ጊዜ ቀለሙን አይተን መፍረዳችን ነው። በጠራራ ፀሐይ የተነሳ ነጭ ወፍ ደግሞ ፎቶው ላይ ነጭ ጨርቅ ይመስላል፤ ላባው፣ ጭንቅላቱ፣ ሁሉም ተዋህዶ ይጠፋል።

መፍትሄው ከምንቃሩ መጀመር ነው። የሳቢሳ ምንቃር ጩቤ ነው፤ ከስሩ እስከ ጫፉ ቀጥ ያለ። ዓሣውን ቆሞ ይጠብቅና በአንድ ምት ይይዘዋል። የጋጋኖ ምንቃር ማጭድ ነው። ጭቃ ውስጥ ሰክቶ እየዳሰሰ ትሉን ያወጣል። በሐይቆቻችን ዳር በብዛት የሚታየው ነጩ ጋጋኖ ሲያድግ ጭንቅላቱና አንገቱ ላባ የለውም፤ ጥቁር ቆዳ ነው። የወዳጄ ፎቶ ላይ ሁለቱን ወዲያው የለየኋቸው በዚህ ነው፤ ማጭድ ምንቃር፣ ጥቁር መላጣ ራስ፣ ጥቁር እግር።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ጫጩትነቱን ያልጨረሰ ጋጋኖ ጭንቅላቱ ላይ ነጭና ጥቁር ላባ ስላለው መላጣነቱን ብቻ የሚፈልግ ሰው ይስታል። ሌላው ወፉ ፊቱን ወደ ካሜራው ያዞረ እንደሆነ ነው። ያኔ የታጠፈው ምንቃር ቀጥ ያለና አጭር ይመስላል። በዚህ ጊዜ ከመገመት ይልቅ ከዚያ በፊትና በኋላ የተነሱትን ፎቶዎች ማየት ይሻላል፤ ከጎኑ የሚታይበት አንድ ፎቶ ይበቃል። የሚበር ከሆነ አንገቱን እዩ። ሳቢሳ ሲበር አንገቱን አጥፎ ወደ ትከሻው ይሰበስባል። ጋጋኖ ዘርግቶት ይሄዳል።

እውነተኛው ሽመላም አንዳንዴ ያምታታል። ቢጫ ምንቃር ያለው ሽመላ ነጭ ነው፤ የምንቃሩ ጫፍም ትንሽ ወደ ታች ያዘነብላል። ግን ምንቃሩ ወፍራምና ቢጫ፣ ፊቱና እግሩ ቀይ ነው። ነጩ ጋጋኖ ላይ ቀይ እግር አይገኝም።

ችግር፦ ሳቢሳ መሆኑ ታወቀ፤ የትኛው ነጭ ሳቢሳ ነው?

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ነው። ምክንያቱም ብዙ ሰው የምንቃሩን ቀለም ብቻ ያያል። ትልቁ ነጭ ሳቢሳ በአብዛኛው ዓመት ምንቃሩ ቢጫ ነው፤ በመራቢያ ወቅት ግን ይጠቁራል። ያኔ ምንቃሩ ሁልጊዜ ጥቁር ከሆነው ከትንሹ ሳቢሳ ጋር ይምታታል።

ስለዚህ ከምንቃሩ ወደ ጣቱ ውረዱ። ትንሹ ሳቢሳ እግሩ ጥቁር፣ ጣቶቹ ግን ደማቅ ቢጫ ናቸው፤ ቢጫ ካልሲ ያደረገ ይመስላል። ትልቁ እስከ ጣቱ ጥቁር ነው። በቁመትም ይራራቃሉ። ትንሹ ከምንቃር እስከ ጅራት 60 ሴንቲሜትር አካባቢ ሲሆን ትልቁ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። መጠን ግን የሚረዳው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ብቻ ነው። ብቻውን የቆመ ወፍ ፎቶ ላይ ቁመቱ አይታወቅም።

ጣቱ ውሃ ውስጥ ከሆነ የአፉን መስመር ፈልጉ። ከምንቃሩ መጋጠሚያ ተነስቶ ወደ ፊቱ የሚገባ ቀጭን ጥቁር መስመር ነው። ትልቁ ሳቢሳ ላይ ይህ መስመር ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህን ለማየት ፎቶው ጥርት ያለ መሆን አለበት። ነጩ ላባ ተዋህዶ ከጠፋ የስልካችሁ ማስተካከያ ውስጥ «ሃይላይት» የሚለውን ዝቅ አድርጉት። ስታነሱ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ወፉን በጣት ነክታችሁ ብርሃኑን ቀንሱ።

ከብት መሃል የቆመውን አጭር፣ አንገቱ ወፈር ያለ ነጭ ወፍ ሁሉም ያውቀዋል። ምንቃሩ አጭርና ቢጫ ነው። እሱ ብዙ አያስቸግርም።

ችግር፦ ውሃ ላይ የተቀመጠው ዳክዬ ነው ዝይ?

መንስኤው ዝይ ሁልጊዜ ትልቅ፣ ዳክዬ ሁልጊዜ ትንሽ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ከጎን ሆናችሁ ምንቃሩን እዩ። የዳክዬ ምንቃር ረዘም ብሎ ጠፍጣፋ ነው፤ አካፋ በሉት። ጠርዙ ውስጥ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ስስ ነገሮች አሉት፤ በእነሱ ውሃውን አጥልሎ ምግቡን ያስቀራል። የዝይ ምንቃር ሽብልቅ ነው። ከግንባሩ ስር ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ ይጠባል። ሣር ለመንጨት የተሠራ ነው።

የብስ ላይ ከቆመ እግሩ ይናገራል። የዳክዬ እግር አጭር ሆኖ ወደ ኋላ ስለሚገባ ሲራመድ ይወዛወዛል። የዝይ እግር ጠንከርና ረዘም ብሎ ከሆዱ መሃል ስለሚወርድ እንደ ልቡ ይራመዳል። ዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ክብ ያለውን የግብፅ ዝይ ሮዝ እግር አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም።

ደንቡን የሚያፈርሱም አሉ። ፊቱ ነጭ የሆነው የሚያፏጭ ዳክዬ እግሩ ረጅም ነው፤ ቀጥ ብሎም ይቆማል። ምንቃሩ ግን የዳክዬ ነው፤ እሱን እመኑ። በገፈርሳና በባሌ ከፍታ የምናገኘው፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይኖረው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ደግሞ ምንቃሩ ትንሽና ጥቁር ስለሆነ ዳክዬ ያስመስለዋል። እሱን የምለየው በአረማመዱ ነው። አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ እንዳሳረፈ ይሄዳል።

ችግር፦ እግሩ በሙሉ ውሃ ውስጥ ነው፣ ዝይ ይመስላል

ሆዱ ድረስ ውሃ የገባ ሳቢሳ ከሩቅ የሚዋኝ ዝይ ይመስላል። አንገቱ ላይ ስብራት የመሰለ እጥፋት ካለ ሳቢሳ ነው። ስድስተኛው የአንገት አጥንቱ ከሌሎቹ ስለሚረዝም እዚያ ላይ ይሰበራል፤ በዚያ ኃይል ነው ምንቃሩን የሚወረውረው። የዝይ አንገት እንዲህ አይሰበርም። ምንቃሩን ክንፉ ውስጥ ሸጉጦ በአንድ እግር የተኛውን ግን «ነጭ ሳቢሳ» ብላችሁ ተዉት። ከዚያ በላይ ፎቶው አይናገርም።

ወደ ወዳጄ ፎቶ ልመለስ። ከሦስቱ ሳቢሳዎች አንዱ ቢጫ ምንቃር አለው፤ የአፉ መስመርም ከዓይኑ ያልፋል፤ ትልቁ ነው። ሁለተኛው አንድ እግሩን አንስቶ ቢጫ ጣቱ ይታያል። ሦስተኛው ምንቃሩ ጥቁር ነው፤ እግሩ ግን ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ከጎኑ ካለው ባለ ቢጫ ጣት ጋር እኩል ስለሚቆም ትንሹ ሳይሆን አይቀርም አልኩት። ሌላ ፎቶ ካለ ብዬ ጠየቅኩት። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ያነሳውን ላከ። ወፉ አንድ እርምጃ ሄዷል፤ ከጭቃው የወጣው ጣት ቢጫ ነው።